ዘይቤ በልኩ፦ ስለ ራስ ሲጻፍ ምስል የት ላይ ይበቃል?

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

የዛሬው ርዕሴ ጠባብ ነው። ሰው ስለ ራሱ፣ ስለ እናትና አባቱ፣ ስላደገበት ቤት ሲጽፍ ተለዋጭ ዘይቤን እንዴት ቢጠቀም ይሻላል የሚል ነው። ግጥምን አልነካም፤ ግጥም በምት፣ በቤትና በዜማ ስለሚታገዝ ስድ ንባብ የማይችለውን ምስል ሊሸከም ይችላል። የምናገረው ስለ ወግ፣ ስለ ማስታወሻ፣ ስለ ግለ ታሪክና ስለ ረጅም ደብዳቤ ነው። እነዚህን የሚጽፍ ሰው የሚያነበው ሰው ከጎኑ የለም፤ ፊቱን አያይም፤ ድምፁን አይሰማም። ያለው ዓረፍተ ነገሩ ብቻ ነው።

ትምህርት ቤት የተማርነውን ባጭሩ ላስታውስ። ተነጻጻሪ ዘይቤ «እንደ» ወይም «ይመስላል» ብሎ ሁለት ነገር ያወዳድራል። ተለዋጭ ዘይቤ ማወዳደሪያውን ትቶ አንዱን ነገር ሌላው ነው ብሎ ቁጭ ይላል። ለጸሐፊ የሚጠቅመው ልዩነት ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። «አባቴ እንደ ምሰሶ ቆመ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ምስሉ በዚያው ዓረፍተ ነገር ያልቃል፤ በሚቀጥለው አባትየው ቢቀመጥም ቢስቅም ማንም አይጠይቃችሁም። «አባቴ ምሰሶ ነበር» ካላችሁ ግን ዕዳ ገባችሁ። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ግሦች ለምሰሶ የሚስማሙ መሆን አለባቸው፤ ካልሆኑ አንባቢው ባይናገረውም ይሰናከላል። ስለዚህ ምስላችሁን እስከ ምን ድረስ ይዛችሁ እንደምትሄዱ ካላወቃችሁ «እንደ» ይሻላችኋል። «እንደ» ደካማ ዘይቤ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልስማማም። ዕዳው ትንሽ ነው እንጂ ጉልበቱ ትንሽ አይደለም።

አሁን ወደ አንድ አንቀጽ እንሂድ። ለዛሬው ንግግር ብዬ ያዘጋጀሁት ነው፤ የማንም ሰው ጽሑፍ አይደለም። ነገር ግን በየጊዜው የምናነባቸው የግል ጽሑፎች የሚሳሳቱትን ሁሉ አንድ ላይ ሰብስቤበታለሁ። ጸሐፊዋ ልብስ ሰፊ የነበረው አባቷ የዓይን ብርሃኑን ቀስ በቀስ ሲያጣ የሆነውን ነው የምትናገረው።

«አባቴ የቤታችን ምሰሶ ነበር። ዓይኑ ሲደክም የሐዘን ጎርፍ ቤታችንን አጥለቅልቆ፣ የተስፋችንን ሻማ አጥፍቶ፣ የቤተሰባችንን የፍቅር ክር በጠሰው። ልቤ እንደ መስታወት ተሰባብሮ በናፍቆት እሳት ነደደ። የልብስ ስፌት መኪናው ዝም አለ፤ ዝምታውም የሞት ድምፅ ነበር። ማለትም አባታችን ከእንግዲህ ሠርቶ ሊያበላን እንደማይችል እየነገረን ነበር። መርፌ ላይ ክር እንዳስገባለት ይጠራኝ ጀመር፤ ያ ክር የአባትና የልጅ ፍቅር ምልክት ነበር።»

በስድስት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ምሰሶ፣ ጎርፍ፣ ሻማ፣ ክር፣ መስታወት፣ እሳትና ሞት ገብተዋል። ሰባት ምስል ማለት ነው፤ ክሩ ደግሞ አንዴ የቤተሰብ ፍቅር፣ አንዴ የአባትና የልጅ ፍቅር ሆኖ ሁለት ጊዜ ተመልሷል። ሆኖም ብዛቱ ብቻ አይደለም ችግሩ። ሦስት የተለያዩ ጉድለቶች ናቸው የተደራረቡት፤ መንስኤያቸው ስለሚለያይ መድኃኒታቸውም ይለያያል።

በመደባለቁ ልጀምር፣ ምክንያቱም አማርኛ ለዚህ ጉድለት በተለይ የተጋለጠ ነው። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ዋና ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ እስከዚያ ድረስ «አጥለቅልቆ፣ አጥፍቶ፣ ወስዶ፣ መልሶ» እያለ ቦዝ አንቀጽ ይደረድራል። ይህ የቋንቋችን ውበት ነው፤ ድርጊትን በድርጊት ላይ እያስከተለ እንደ ወሬ ያወርደዋል። ለዘይቤ ሲሆን ግን ወጥመድ ይሆናል። እያንዳንዱ ቦዝ አንቀጽ አንድ ትንሽ ዓረፍተ ነገር ስለሆነ ጸሐፊው በእያንዳንዱ አዲስ ምስል ይጨምራል፤ የሁሉም ባለቤት ግን ያው መጀመሪያ ላይ የተጠራው ስም ነው። በአንቀጻችን ባለቤቱ ጎርፍ ነው። ጎርፍ ቤት ያጥለቀልቃል፣ ይሁን። ጎርፍ ሻማ ያጠፋል፣ ይህም እሺ። ጎርፍ ክር ይበጥሳል? እዚህ ላይ ምስሉ ተበተነ። ጸሐፊዋ ግሡ ላይ ስትደርስ ጎርፉን ረስታዋለች፤ አንባቢው ግን ገና ውኃው ውስጥ ነው።

የሚቀጥለውም እንዲሁ ነው። መስታወት ይሰበራል እንጂ አይነድም። «ተሰባብሮ» እና «ነደደ» ለየብቻቸው የተለመዱ አነጋገሮች ስለሆኑ እጅ ሳያስቡት ይጽፋቸዋል፤ አንድ ባለቤት ሲሰጣቸው ግን አብረው መኖር አይችሉም።

መለየቱ ቀላል ነው። ረቂቃችሁን አውጡና ስሞቹን ተዉአቸው፤ ግሦቹን ብቻ አስምሩባቸው። ከእያንዳንዱ ግሥ ፊት ባለቤቱን በቃል አስገቡ። «ጎርፉ አጥለቀለቀ፤ ጎርፉ አጠፋ፤ ጎርፉ በጠሰ።» እንዲህ አጠር ብሎ ሲነገር የተሳሳተው ግሥ ራሱን ያጋልጣል። ካገኛችሁት በኋላ ሌላ ግሥ በመፈለግ አትድከሙ። ዓረፍተ ነገሩን ቦዝ አንቀጹ ላይ ቁረጡት፣ ከምስሎቹ አንዱን ያዙ፣ ሌሎቹን ጣሉ። ሁለት ምስል ግድ ካስፈለገ ደግሞ በመካከላቸው ምስል የሌለበት አንድ ወይም ሁለት ዓረፍተ ነገር ይግባ፤ የመጀመሪያው ምስል ከአንባቢው ዓይን እስኪጠፋ ድረስ። የተሻለው በሌላ አንቀጽ መሆኑ ነው። እኔ በአንድ መቶ ቃል አንድ ሕያው ምስል ካለፈ መጠራጠር እጀምራለሁ፤ ይህ ሕግ ሳይሆን ቆም ብሎ የማያ ቦታ ነው።

«ሕያው» ያልኩት በምክንያት ነው። አማርኛ በሞቱ ዘይቤዎች የተሞላ ነው። ሆዴ ባባ፣ አንጀቴ ተላወሰ፣ እጅ አጠረኝ፣ ቅስሙ ተሰበረ፣ ዓይን ያወጣ ውሸት እንላለን። እነዚህን ስንሰማ ማንም እጅ ወይም ዓይን አይታየውም፤ ስለ ገንዘብ እጦትና ስለ ድፍረት እንደተነገረ ወዲያው እንረዳለን። ብቻቸውን ሲሆኑ ምንም አያስቸግሩም፤ እንዲያውም የንግግር ለዛ የሚመጣው ከእነሱ ነው። አደጋው ከጎናቸው ያው የሰውነት ክፍል በእውነተኛ ትርጉሙ ሲመጣ ነው። «እጅ ያጠረው አባቴ እጁን ዘርግቶ አቀፈኝ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ተኝቶ የነበረውን ዘይቤ ቀሰቀሰው፤ አጭር እጅ ሲዘረጋ ይታያል፤ አንባቢው ማዘን በሚገባው ቦታ ይስቃል። ዓይኑን ስላጣ ሰው በሚጻፍ ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ «ዓይን ያወጣ»፣ «ከዓይኑ ሥር»፣ «ዓይኔ በርቶ» የሚሉት ሁሉ ይነቃሉ። ስለዚህ የጽሑፋችሁ ዋና ጉዳይ የትኛውን የሰውነት ክፍል ወይም ዕቃ እንደሚነካ እወቁና ያንን ቃል የያዙትን ፈሊጦች በሙሉ ፈልጋችሁ በተራ ቃል ተኩአቸው። ይህ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ብዙ ጥሩ ጽሑፍ የሚበላሸው ይህ ስላልተሠራ ነው።

አሁን ወደ መጠኑ። በአንቀጻችን ውስጥ ሁለት ከመጠን ያለፉ ቃላት አሉ። አንደኛው «የሞት ድምፅ» ነው። አባትየው አልሞተም። ልጅቷ ያንን ቃል ዛሬ ለአንድ የልብስ ስፌት መኪና ከሰጠችው፣ በዚያው ጽሑፍ ውስጥ አባቷ በእርግጥ ሲሞት ምን ቀራት? ሁለተኛው «ናፍቆት» ነው። ናፍቆት ለራቀ ሰው ነው፤ አባቷ እዚያው ቤት ውስጥ፣ እዚያው መስኮት ሥር ተቀምጧል። ቃሉ የመጣው «የናፍቆት እሳት» የሚል ተዘጋጅቶ የቆየ ሐረግ ስላለ ነው፤ የተሰማት ስሜት ግን ሌላ ነበር። መጠን ሲያልፍ ሁልጊዜ የሚሆነው ይሄ ነው፦ ትልቁ ቃል ትክክለኛውን ስሜት ይሸፍነዋል።

ለምን እንዲህ ወደ ትልቁ እንደምንሄድ ማወቅ ይጠቅማል። በፉከራ፣ በቀረርቶ፣ በሙሾ ግነት ትክክለኛ መሣሪያ ነው። አልቃሽ ለሟች «ተራራው ተናደ» ስትል ዙሪያዋን ሰው አለ፤ ደረት ይመታል፤ ጥሪዋን የሚመልስ ሕዝብ አለ። ግነቱን የሚሸከመው ያ ሁሉ ሰው ነው። በወረቀት ላይ ያው ቃል ብቻውን ይቀራል። የሚያነበው ሰው በአውቶቡስ ወይም በአልጋው ላይ ሆኖ፣ ለቅሶ ላይ ሳይሆን ዝም ብሎ ነው የሚያነበው። ስለዚህ ቃሉ ሲጎላ ስለ ሟቹ ማሰብ ትቶ ስለ ጸሐፊው ማሰብ ይጀምራል፤ «ይህን ያህል ነው እንዴ?» ይላል። አንዴ ይህን ጥያቄ ከጠየቀ በኋላ እውነተኛ የሆነውንም ነገር በጥርጣሬ ነው የሚያነበው።

መጠኑን ለመለካት ምስሉን በእውን ያሳለፈ ሰው እንደሚያነበው አስቡ። «ቤታችን እስር ቤት ነበር» ብላችሁ ከሆነ፣ የታሰረ ሰው ቢያነበው ምን ይላል? «የሐዘን ጎርፍ» ካላችሁ፣ ቤቱ በክረምት ጎርፍ የተወሰደበት ሰው? ያ ሰው ራሱን ነቅንቆ የሚያልፍ ከሆነ ምስሉ ቆሟል። ፊቱን የሚያዞር ከሆነ ዝቅ በሉ። ዝቅ ማለት ማለስለስ አይደለም። ብዙ ጊዜ ትንሹ ምስል ይበልጥ ይወጋል፤ ምክንያቱም ትንሽ ነገር በትክክል ሊታይ ስለሚችል ነው።

ሦስተኛው ጉድለት ማብራራት ነው፤ ሰፋ አድርጌ መናገር የምፈልገውም በእሱ ላይ ነው።

ማብራሪያ በሦስት ቦታ ይመጣል። ከምስሉ በኋላ የሚመጣውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦ «ማለትም»፣ «ይኸውም»፣ «ምልክት ነበር»፣ «ያን ጊዜ ነው የገባኝ»። አንቀጻችን ውስጥ ሁለቴ አለ። እነዚህን ቃላት በረቂቃችሁ ውስጥ ፈልጉና ከእነሱ እስከ ዓራት ነጥቡ ያለውን ሰርዙ። ከተሰረዘ በኋላ ምስሉ ብቻውን የሚገባ ከሆነ ማብራሪያው ድሮም አያስፈልግም ነበር። የማይገባ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የምስሉ ነው፤ ማብራሪያ አያድነውም።

ሁለተኛው ቦታ የማይታየን ነው፤ ከምስሉ በፊት ይቀመጣል። «የሐዘን ጎርፍ»፣ «የተስፋ ሻማ»፣ «የፍቅር ክር»፣ «የኑሮ ቀንበር»። አንድ የስሜት ስም በ«የ» ተይዞ ከአንድ የሚታይ ዕቃ ፊት ይቆማል። ይህ አሠራር ምስሉን ገና ሳይታይ ይፈታዋል። ክሩን ከማየታችን በፊት «ፍቅር ነው» ተብለናል፤ ከዚያ በኋላ ክሩን ለማየት ምክንያት የለንም። በእኔ ግምት በአማርኛ የግል ጽሑፍ ውስጥ ዘይቤን በብዛት የሚገድለው ይህች «የ» ናት። መድኃኒቱ አጭር ነው፦ የስሜቱን ስም አውጡት፣ ዕቃውን ተዉት። «የፍቅር ክር» ከሚል ክር። ክር ብቻውን መቆም ካልቻለ፣ በታሪኩ ውስጥ እውነተኛ ክር አልነበረም ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ሐረጉ በሙሉ ይውጣ።

እዚህ ላይ ቅኔ የሚያውቅ ሰው ሊሞግተኝ ይችላል። በሰምና ወርቅ ሁለቱ ጎን ለጎን ተጠርተው የለምን? እውነት ነው፤ ሰሙንም ወርቁንም በግልጽ የሚጠራ የቅኔ ዓይነት አለ፤ አንድ ቃል ሁለቱን የሚሸከምበት ኅብር ደግሞ አለ። ግን ቅኔ ጥብቅ ልክ አለው፤ ጉባኤ ቃና ለምሳሌ ሁለት ቤት ብቻ ነው። በዚያ ጥበት ሁለቱን አዋዶ ማስቀመጥ ራሱ ጥበቡ ነው። በስድ ንባብ ያ ጥበት ስለሌለ «የሐዘን ጎርፍ» ማለት ምንም ድካም አይጠይቅም፤ ማንም በማንኛውም ቀን ሊለው ይችላል። ከቅኔ ልንወስድ የሚገባን ሌላውን ነገር ነው። ስሙ ራሱ የመጣው ከወርቅ ሠሪ ሥራ ነው ይባላል፤ ሠሪው ጌጡን መጀመሪያ በሰም ይቀርጻል፣ በጭቃ ይሸፍነዋል፣ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ በባዶው ቦታ ወርቅ ያፈሳል። ሰሙ ላይ ያልተቀረጸ መስመር ወርቁ ላይ አይገኝም። ለስድ ንባብ ጸሐፊ ይህ ማለት ላይኛው ታሪክ፣ ዓይን የሚያየው፣ እጅ የሚነካው፣ በዝርዝርና ራሱን ችሎ መሠራት አለበት ማለት ነው። ውስጠኛውን ለማስገባት የሚቸኩል ሰው ላይኛውን አድበስብሶ ይተወዋል፤ ከዚያ ማብራሪያ ለመጻፍ ይገደዳል።

ሦስተኛው ቦታ ርዕስና መዝጊያ ነው። ስለ አባቷ ዓይን የጻፈች ሴት ጽሑፏን «የማይበጠሰው ክር» ብላ ብትሰይመው አንባቢው መርፌውን ገና ሳያይ ነገሩን ጨርሶታል። መዝጊያው ላይም «ክሩ ዛሬም በእጄ ነው» ብላ ብትጨርስ ያው ነው።

እንግዲህ አንቀጹን አብረን እንሥራው። መጀመሪያ ምስል የሆነውን ሁሉ ገፍፈን የሆነውን ብቻ እናስቀምጥ። «አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ዓይኑ ሲደክም ክር ማስገባት አቃተው። እኔን ይጠራኝ ጀመር። በኋላ ሥራውን ተወ።» አራት ዓረፍተ ነገር። ደረቅ ነው፤ ግን ከመጀመሪያው ይልቅ አሁን ስለ ሰውየው የበለጠ እናውቃለን።

ቀጥሎ ዘይቤ አንፈልግም፤ ዝርዝር እንፈልጋለን። ጸሐፊዋን የምንጠይቃት እነዚህን ነው። መርፌውን እንዴት ይይዘው ነበር? የት ተቀምጦ? ስንት ጊዜ ሞክሮ ነው የሚጠራሽ? ሲጠራሽ ምን ይል ነበር፣ ወይስ ዝም ይል ነበር? አንቺ ምን አደረግሽ? ሥራውን የተወው በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ልብስ ላይ? ማን ነው መኪናውን ያነሳው? መልሶቹ ሲመጡ አንቀጹ እንዲህ ሊሆን ይችላል።

«አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ዓይኑ እየደከመ ሲመጣ መጀመሪያ ያቃተው የእጅ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ነው። የክሩን ጫፍ በምላሱ ያረጥባል፣ መርፌዋን ወደ መስኮቱ አንስቶ ይሞክራል፤ ሦስቴ አራቴ ይስታል። ከዚያ ወደ እኔ ሳያይ መርፌዋን ይዘረጋልኛል። መጀመሪያ ላይ ደስ ይለኝ ነበር። በኋላ ግን መርፌ ይዞ ወደ መስኮቱ ሲዞር ሳየው ወደ ጓሮ መውጣት ጀመርኩ። ለገና የተቀበላቸውን ልብሶች ሳይሰፋ ለባለቤቶቹ መለሰ። በማግስቱ እናቴ መኪናውን ነጠላ አለበሰችው።»

እዚህ ውስጥ ምስል ስንት ነው? አንድ። እሱም በአንድ ግሥ ውስጥ ነው ያለው። መኪና በጨርቅ ይሸፈናል፤ ልብስ የሚለብሰው ሰው ነው። «ሸፈነችው» በሚለው ፋንታ «አለበሰችው» ሲባል መኪናው ሰው ሆነ፤ ከዚያ በላይ ምንም አልተነገረም። ሰውኛ ዘይቤ ብለን የምንጠራው ይኸው ነው። ነጠላው ደግሞ በእውነት እዚያ ቤት ውስጥ ያለ ነጠላ ነው፤ ከውጭ የመጣ ነገር የለም። የግል ጽሑፍ ምስል ከዚያው ክፍል ውስጥ ሲነሳ መጠኑን ለመሳት ይከብዳል፤ ጎርፍና ተራራ የሚመጡት ጸሐፊው ክፍሉን ትቶ ሲወጣ ነው።

የቀረው ክብደት ሁሉ በተራ ነገር ላይ ነው ያረፈው። «ወደ እኔ ሳያይ» የሚለው ኀፍረቱን ይናገራል፤ ኀፍረት የሚል ቃል የለም። «ወደ ጓሮ መውጣት ጀመርኩ» የሚለው ልጅቷ ዕድሜ ልኳን የሚቆጫትን ነገር ይዟል፤ ጸጸት የሚል ቃል የለም።

አሁን ያቺን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር እንያዝና ሦስቱ ጉድለቶች እንዴት ሊያበላሿት እንደሚችሉ እንይ። «እናቴ መኪናውን እንደ ሐዘንተኛ ነጠላ አለበሰችው» ቢባል ተብራራ፤ አንባቢው ራሱ ሊደርስበት የነበረውን ቀድመን ነጠቅነው። ከዚህም በላይ ምርጫውን አጠበብነው፤ ነጠላ ለሐዘን ብቻ አይለበስም፣ ብርድ ላይ ያለን ሰው፣ የታመመን ሰው፣ የተኛን ልጅ ለማልበስም ይሆናል፤ እናትየው ስታለብሰው ከእነዚህ የቱን እያሰበች እንደነበር ክፍት ሆኖ መቆየቱ ነው ዓረፍተ ነገሯን የሚያኖራት። «አለበሰችው፤ መኪናውም ከነጠላው ሥር አለቀሰ» ቢባል መጠን አለፈ፤ ልብስ መልበስ ከእናትየው እጅ የመጣ ስለሆነ እናምነዋለን፣ ማልቀስ ግን ከጸሐፊዋ ፍላጎት የመጣ ነው። «ሕልማችንን በነጠላው ሥር አሰረችው» ቢባል ደግሞ ተደባለቀ፤ የለበሰው ሰው በአንድ ግሥ እስረኛ ሆነ፣ መኪናውም ሕልም ሆነ።

አንድ እውነተኛ ችግር ግን ይቀራል። ጽሑፉን የሚያነበው ሰው ነጠላ በአገር ቤት ምን ምን እንደሚሆን የማያውቅ ከሆነስ? ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ተወልዶ ያደገ ልጅ አማርኛ ማንበብ ይችል ይሆናል፤ ነጠላን ግን በበዓል ቀን ብቻ ነው የሚያውቀው። ለእሱ ሲባል ማብራሪያ ይገባል ወይ? አይገባም፤ የሚገባው መረጃ ነው፣ የሚገባውም ከምስሉ በፊት ነው። ከላይ የሆነ ቦታ ላይ፣ ምናልባት አንድ ገጽ ቀደም ብሎ፣ እናትየው ለቅሶ ስትሄድ ያንኑ ነጠላ አዘቅዝቃ ስትለብስ፣ ሌላ ቀን ደግሞ ያተኮሰውን ልጅ በእሱ ስትጠቀልል እናሳያለን፤ ያለ ምንም አስተያየት። ምስሉ ሲመጣ አንባቢው ዕቃውን ያውቀዋል። ማብራሪያ ለአንባቢው መልሱን ይሰጠዋል፤ መረጃ ግን መልሱን ራሱ እንዲያገኝ ያስችለዋል። ረቂቅ ስታርሙ «አንባቢው አይገባው ይሆን» የሚል ስጋት ሲመጣባችሁ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ ሂዱ፤ የጎደለው ነገር ከምስሉ በላይ ነው የሚተከለው።

ማብራራት የሚፈቀድበት ቦታም አለ፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ልክ አይሆንም። ጸሐፊው ከምስሉ ጋር ሲከራከር ነው። አባት ሲታመም ጎረቤት ሁሉ «የቤት ምሰሶ ነው፣ እግዚአብሔር ያቁመው» ይላል። ጸሐፊዋ ይህን ይዛ «ምሰሶ ይሉታል። ምሰሶ ግን ማታ ማታ ሂሳብ አይቆጥርም» ብትል ምስሉን እየፈታችው ነው፤ ግን የምትፈታው ሌሎች ያመጡትን ነው፣ የምትፈታውም ለማስረዳት ሳይሆን እንደማይበቃ ለማሳየት ነው። ይህ ለሞቱ ዘይቤዎች የሚሆን ጥሩ አጠቃቀም ነው። አንዴ ብቻ ይሠራል፤ በአንድ ጽሑፍ ሁለቴ ከተደረገ ዘዴ መሆኑ ይታወቃል።

መጨረሻ ላይ ረቂቁን ለመፈተን ሌላ ሰው ያስፈልጋል፤ ቤተሰባችሁን የማያውቅ ሰው ቢሆን ይመረጣል። አንቀጹን ድምፃችሁን ሳታሳምሩ አንብቡለት፤ ሳታለቅሱ፣ ሳትቆሙ። ከዚያ «ገባህ ወይ» ብላችሁ አትጠይቁት፤ ገባኝ ነው የሚላችሁ፣ ይሉኝታ አለበት። «ምን አየህ?» በሉት። «መርፌ፣ መስኮት፣ ነጠላ የለበሰ መኪና» ካለ አንቀጹን ተዉት፣ አትንኩት። «በጣም ያሳዝናል» ብሎ ከጀመረና ምንም ዕቃ ካልጠራ ስሜቱን ነግራችሁታል፣ ግን ምንም አላሳያችሁትም፤ ወደ ዝርዝሩ ተመለሱ። ሁለት የማይገናኙ ነገሮች ከጠራ፣ ለምሳሌ ውኃና ክር ካለ፣ ግሦቻችሁን እንደገና አስምሩ። አንድ ቃል ላይ ፈገግ ብሎ ከነበረ ደግሞ ያ ቃል የትኛው እንደሆነ ጠይቁትና ጻፉት፤ ምናልባት የተኛ ፈሊጥ ቀስቅሳችሁ ይሆናል።

አመሰግናለሁ፤ ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ። ረቂቅ ይዞ የመጣ ሰው ካለም ግሦቹን አብረን እናስምር።